አሥራ ሁለት መስመር፣ ሰባት ማቆሚያ

መጋዘን ውስጥ ዕቃ እያወጣ ለደንበኛ የሚያዘጋጅ ሠራተኛ ሲመሽ ከክንዱ በፊት የሚዝለው እግሩ ነው። የመጋዘን አስተዳደርን የሚያስተምሩ መጻሕፍት እንደሚሉት ዕቃ አውጪ ከሥራ ሰዓቱ ግማሽ ያህሉን የሚያጠፋው ከአንዱ መደርደሪያ ወደ ሌላው በመሄድ ነው። ቀሪው ሰዓት ዕቃውን ለመፈለግ፣ ለማንሳት፣ ለመቁጠርና ወረቀት ለመሙላት ይከፋፈላል። ደንበኛው ግን ለእርምጃ አይከፍልም፤ የሚከፍለው ለሳሙናውና ለደብተሩ ነው። ያ ሁሉ እርምጃ ረዝሞ ወይም አጥሮ እንዲያልቅ የሚወስነው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሠራተኛው ፍጥነት ሳይሆን ጠዋት በእጁ የተሰጠው ዝርዝር ነው።

በአገራችን ንብረት ክፍል የሠራ ሰው ሞዴል 22ን ያውቀዋል። ዕቃ ከግምጃ ቤት ሲወጣ የሚሞላ፣ ሰጪና ተቀባይ የሚፈርሙበት የወጪ ማረጋገጫ ነው። የግል አከፋፋዮችም በየራሳቸው ስም ተመሳሳይ ወረቀት አላቸው። ይህ ወረቀት የተሠራው ለተጠያቂነት ስለሆነ አንድ ወረቀት የአንድ ጠያቂ ነው፤ መስመሮቹም ጠያቂው በጻፈው ቅደም ተከተል ይሰፍራሉ። ለኦዲተር ይህ ትክክል ነው። ለእግር ግን አይመችም። ደንበኛው መጀመሪያ የጻፈው ዕቃ ከመጋዘኑ ጫፍ፣ ሁለተኛው ከበሩ አጠገብ፣ ሦስተኛው እንደገና ከጫፍ ሊሆን ይችላል። የማውጫ ዝርዝር፣ በመጋዘን ሠራተኞች አጠራር ፒክ ሊስት፣ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ የሚመልሰው «ለማን ምን ተሰጠ» የሚለውን ሳይሆን «ከዚህ ቀጥሎ ወዴት ልሂድ» የሚለውን ጥያቄ ነው። ሥራው ሲያልቅ ዕድሜው ያበቃል፤ ሞዴል 22ን አይተካም።

ነገሩን በአንድ ትንሽ መጋዘን እንየው። ለሱቆች ሸቀጥ የሚያከፋፍል ነው እንበል። አራት መተላለፊያዎች አሉት፤ እያንዳንዱ 20 ሜትር ይረዝማል፣ ከአንዱ መተላለፊያ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል 4 ሜትር ነው። በየመተላለፊያው ከፊት ወደ ኋላ ከ1 እስከ 10 የተቆጠሩ፣ እያንዳንዳቸው 2 ሜትር ስፋት ያላቸው የመደርደሪያ ክፍሎች አሉ። ከአንዱ መተላለፊያ ወደ ሌላው መሻገር የሚቻለው ከፊት ወይም ከኋላ ብቻ ነው። ማሸጊያ ጠረጴዛው በመጀመሪያው መተላለፊያ አፍ ላይ ተቀምጧል። የመደርደሪያ አድራሻ በሁለት ቁጥሮች ይጻፋል፦ 02-10 ማለት ሁለተኛው መተላለፊያ፣ አሥረኛው ክፍል ማለት ነው። በትልልቅ መጋዘኖች ከመሬት ስንተኛ እርከን እንደሆነ የሚናገር ሦስተኛ ቁጥር ይጨመራል፤ እዚህ እንተወው።

ጠዋት አራት ሱቆች አዘዙ። የመጀመሪያው 6 እሽግ ሳሙና፣ 2 ክብሪትና 3 ደብተር ጠየቀ። ሁለተኛው 4 ሻማ፣ 4 ሳሙናና 5 ባትሪ ድንጋይ። ሦስተኛው 10 ደብተር፣ 2 እስክሪብቶና 3 ክብሪት። አራተኛው 2 ባትሪ፣ 3 ሳሙናና 1 ካርቶን ብርጭቆ። ሳሙናው 01-02 ላይ፣ ብርጭቆው 01-09 ላይ፣ ሻማው 02-03፣ ክብሪቱ 02-10፣ ባትሪው 03-04፣ እስክሪብቶው 04-02፣ ደብተሩ 04-08 ላይ ነው።

ሠራተኛው አራቱን ትዕዛዞች አንድ በአንድ ቢያወጣ ምን ያህል ይሄዳል? ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ የሚቻለውን አጭር መንገድ መረጠ ብለን እንኳ ብንቆጥር ለመጀመሪያው 66 ሜትር፣ ለሁለተኛው 46፣ ለሦስተኛው 64፣ ለአራተኛው 56 ሜትር ይሆናል። ድምሩ 232 ሜትር ነው። ሳሙናው ፊት ሦስት ጊዜ፣ ክብሪቱ፣ ባትሪውና ደብተሩ ፊት ሁለት ሁለት ጊዜ ይቆማል። እናት ልጇን ለጨው ልካ፣ ሲመለስ ለሽንኩርት፣ ሲመለስ ደግሞ ለክብሪት ወደዚያው ሱቅ እንደምትልከው ማለት ነው።

አራቱ ትዕዛዞች ሲጣመሩ መጀመሪያ የሚሆነው ነገር መደመር ነው። አራቱ ወረቀቶች በጠቅላላ 12 መስመር አላቸው። ተመሳሳይ ዕቃዎችን ስንደምር ሳሙናው 6፣ 4 እና 3 ተደምሮ 13 ይሆናል፤ ደብተሩም 3 እና 10 ተደምሮ 13፤ ባትሪው 7፣ ክብሪቱ 5፤ ሻማ፣ እስክሪብቶና ብርጭቆ እንዳሉ ይቀራሉ። 12 መስመር 7 ማቆሚያ ሆነ። አጠቃላዩ ቁጥር አይለወጥም፤ አራቱ ሱቆች የጠየቁት 45 እሽግ ነበር፣ በአዲሱ ዝርዝርም 45 ነው። ይህ ድምር ትንሽ ነገር ቢመስልም ዝርዝሩን ያዘጋጀ ሰው ወረቀቱን ለሠራተኛ ከመስጠቱ በፊት ሊያመሳክር የሚገባው የመጀመሪያው ቁጥር ነው። ካልተመሳከረ፣ በሁለት አጻጻፍ የተመዘገበ ዕቃ ወይም ከድምሩ የተዘለለ መስመር ማሸጊያ ጠረጴዛ ላይ እስኪደረስ ድረስ አይታወቅም።

ከዚያ ቅደም ተከተሉ ይመጣል፤ ሰው ብዙ የሚሳሳተውም እዚህ ነው። «በመደርደሪያ ቦታ ደርድረው» ሲባል አብዛኛው ሰው የአድራሻውን ዓምድ ከትንሽ ወደ ትልቅ አሰልፎ ያትማል። በእኛ መጋዘን እንዲህ ቢደረግ ዝርዝሩ 01-02፣ 01-09፣ 02-03፣ 02-10፣ 03-04፣ 04-02፣ 04-08 ይሆናል። ለዓይን የተስተካከለ ነው። ሠራተኛው ግን 01-09 ላይ ብርጭቆውን ሲያነሳ ያለው በስተኋላ ነው፤ ቀጣዩ 02-03 ደግሞ በስተፊት። ክብሪቱን ከ02-10 ለማንሳት እንደገና ወደ ኋላ ይመለሳል። እያንዳንዱ መተላለፊያ ከፊት እንደሚጀመር ተደርጎ ስለተሰለፈ ሰውየው በእያንዳንዱ መተላለፊያ ማብቂያ ላይ ባለበት ቦታ አይጠብቀውም። ዝርዝሩን እንደ ተጻፈው ከተከተለ 124 ሜትር ይሄዳል።

መፍትሔው በሬ ገበሬ ፊት እንደሚያርሰው መዞር ነው፤ አንዱን መተላለፊያ ወደ ኋላ፣ ቀጣዩን ወደ ፊት። ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው መተላለፊያዎች ከትንሽ ክፍል ወደ ትልቅ፣ ሙሉ ቁጥር ያላቸው ከትልቅ ወደ ትንሽ ይሰለፋሉ። በኤክሴል ለሚሠራ ሰው የመተላለፊያው ቁጥር በ`A` ዓምድ፣ የክፍሉ በ`B` ዓምድ ካለ አንድ ቀመር ይበቃዋል፦

```
=IF(ISODD(A2),A2*100+B2,A2*100+99-B2)
```

ይህ ቀመር ለእያንዳንዱ መደርደሪያ የመንገድ ቁጥር ይሰጠዋል። 01-02 ላይ ያለው ሳሙና 102 ይሆናል። 02-10 ላይ ያለው ክብሪት 289፣ 02-03 ላይ ያለው ሻማ 296 ይሆናሉ፤ ስለዚህ ክብሪቱ ከሻማው ይቀድማል፣ ከኋላ ለሚመጣ ሰውም የሚቀርበው እሱ ነው። ዝርዝሩ የሚሰለፈው በአድራሻው ሳይሆን በዚህ ቁጥር ነው። አድራሻው ሰው የሚያነበው ነው፤ የመንገድ ቁጥሩ ግን ለማሰለፍ ብቻ የሚያገለግል ስለሆነ ሠራተኛው ባያየውም አይጎዳውም። የእኛ ዝርዝር ሲታተም ይህን ይመስላል፦

```
መንገድ  ቦታ     ዕቃ        ድምር  ሳ1  ሳ2  ሳ3  ሳ4
102    01-02  ሳሙና       13    6   4   -   3
109    01-09  ብርጭቆ       1    -   -   -   1
289    02-10  ክብሪት       5    2   -   3   -
296    02-03  ሻማ         4    -   4   -   -
304    03-04  ባትሪ        7    -   5   -   2
491    04-08  ደብተር      13    3   -  10   -
497    04-02  እስክሪብቶ     2    -   -   2   -
```

በዚህ ዝርዝር አራቱም መተላለፊያዎች አንድ ጊዜ ይታለፋሉ። አራት ጊዜ 20 ሜትር፣ በመተላለፊያዎቹ መካከል ሦስት ጊዜ 4 ሜትር፣ ወደ ጠረጴዛው ለመመለስ 12 ሜትር፤ ድምሩ 104 ሜትር። አንድ በአንድ ሲወጣ 232 ከነበረው ከግማሽ በታች ነው።

ይህ ግን የመጨረሻው አጭር መንገድ አይደለም። በመጀመሪያው መተላለፊያ እስከ ኋላ ሄዶ፣ ከኋላ በኩል ክብሪቱን ብቻ ነክቶ ተመልሶ፣ በቀጥታ ወደ አራተኛው ተሻግሮ እሱን ወደ ፊት ወርዶ፣ ከዚያ ከፊት በኩል ለባትሪው ሦስተኛው ውስጥ ገባ ብሎ ወጥቶ፣ ለሻማው ደግሞ ሁለተኛው ውስጥ ገባ ብሎ የሚመለስ ሰው 90 ሜትር ብቻ ይሄዳል። 14 ሜትር አተረፈ። ዶናልድ ራትሊፍ እና አርኖን ሮዘንታል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ መሻገሪያው ከፊትና ከኋላ ብቻ በሆነ አራት ማዕዘን መጋዘን ውስጥ ፍጹም አጭሩን መንገድ ያለ ብዙ ስሌት ማግኘት እንደሚቻል አሳይተዋል። ብዙ ከተሞችን ዞሮ የሚመለስ ነጋዴ መንገድ በአጠቃላይ እጅግ አስቸጋሪ ስሌት ነው፤ በመጋዘን ግን የመተላለፊያዎቹ ቅርጽ ምርጫውን ስለሚያጠበው ሥራው የሚጨምረው በመተላለፊያዎቹ ቁጥር ልክ ብቻ ነው።

እኔን ብትጠይቁኝ ግን ለትንሽ መጋዘን የ104ቱን እመርጣለሁ። የ90 ሜትሩ መንገድ ሁለተኛውን መተላለፊያ ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ከኋላ አንዴ ከፊት ያስገባል። ዝርዝሩ ላይ ክብሪቱና ሻማው አንድ መተላለፊያ ውስጥ ሆነው ከሰባቱ መስመሮች አንዱ ሦስተኛ፣ ሌላው መጨረሻ ላይ ይጻፋሉ። ወረቀት የያዘ ሠራተኛ «እዚሁ ሳለሁ ሻማውንም ላንሳ» ብሎ ከተራው ውጭ ያነሳል፤ በኋላም አነሳሁ ወይስ አላነሳሁ ብሎ ይጠራጠራል። ትርፉን የሚበላው ይህ ነው። ስክሪን ይዞ አንድ መስመር ብቻ እየታየው የሚሄድ ሠራተኛ ካለ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ አጭሩን መንገድ መከተል አያስቸግርም።

የጎዶሎና ሙሉ ቁጥር ዘዴው ራሱ ብዙዎች ሳያዩት የሚያልፉት አንድ ስውር ጉድለት አለው። ሁሉም መተላለፊያ እንደሚጎበኝ አድርጎ ነው የሚያስበው። በሌላ ቀን ክብሪትም ሻማም የጠየቀ የለም እንበል። ሠራተኛው የመጀመሪያውን መተላለፊያ ጨርሶ ከኋላ ቆሟል፤ ሁለተኛው ውስጥ ሥራ ስለሌለው ወደ ሦስተኛው ይሻገራል። ሦስት ጎዶሎ ነው፤ ቀመሩ ከፊት ጀምር ይለዋል። እሱ ግን ከኋላ ነው ያለው። ስለዚህ አቅጣጫው መወሰን ያለበት በመተላለፊያው ቁጥር ሳይሆን በዚያ ቀን በሚጎበኙት መተላለፊያዎች ተራ ነው፤ መጀመሪያ የሚጎበኘው ወደ ኋላ፣ ሁለተኛ የሚጎበኘው ወደ ፊት፣ ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን። በኤክሴል ይህ አንድ ተጨማሪ ዓምድ ይጠይቃል፤ የመጋዘን ሶፍትዌር ለሚሸጥላችሁ ሰው ደግሞ ጥሩ መፈተኛ ጥያቄ ነው።

ጉድለቱ መኖሩን ከሠራተኛው ወረቀት ማወቅ ይቻላል። ዝርዝሩ ላይ የተደረጉት የራይት ምልክቶች ከላይ ወደ ታች በተራ ካልወረዱ፣ ወይም ሠራተኛው የአንዱን መተላለፊያ መስመሮች ከታች ወደ ላይ የማንበብ ልማድ ካለው፣ ስህተቱ የሠራተኛው አይደለም። እግሩ የሚያውቀውን መንገድ ወረቀቱ አያውቅም ማለት ነው።

ሌላው የተለመደ ችግር ቀላል ነው፤ በአንድ መስመር ልለፈው። አድራሻው ዜሮ ሳይቀድመው 2-3፣ 2-10 ተብሎ ከተጻፈ ኮምፒውተር እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ፊደል ያሰልፈዋል፣ 2-10ንም ከ2-3 ያስቀድማል፤ 02-03 ብሎ መጻፍ ይፈታዋል።

ትዕዛዞችን ማጣመር መራመድን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ዕዳ ያመጣል። 13 እሽግ ሳሙና ጋሪ ላይ ከተጫነ በኋላ የማን ስንት እንደሆነ መለየት አለበት። ዕዳው የሚከፈልበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ከላይ በታተመው ዝርዝር ላይ የሚታየው ነው፤ ጋሪው ላይ አራት ቁጥር የተጻፈባቸው ሳጥኖች ይቀመጣሉ፣ ሠራተኛው ሳሙናው ፊት ቆሞ 6 ወደ አንደኛው፣ 4 ወደ ሁለተኛው፣ 3 ወደ አራተኛው ይከታል። ጠረጴዛው ጋ ሲደርስ አራቱም ተዘጋጅተዋል። ሁለተኛው መንገድ ሁሉንም በድምሩ ብቻ አውጥቶ መጥቶ ጠረጴዛ ላይ ማከፋፈል ነው። በትልልቅ መጋዘኖች ለዚህ የሚሆን ከሁለት በኩል የተከፈተ ቁምሳጥን መሰል መደርደሪያ አለ፤ በአንዱ በኩል ሠራተኛው ያከፋፍላል፣ በሌላው በኩል አሻጊው ያነሳል።

ሁለቱን የሚለያቸው ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ስህተት የሚታይበት መንገድም ይለያል። በድምር አውጥቶ የሚያከፋፍል ሰው 13 ሳሙና ማንሳት ሲገባው 12 ቢያነሳ፣ መጨረሻ ላይ ያለው ሳጥን ይጎድልበታል፤ 14 ቢያነሳ ጠረጴዛው ላይ አንድ ይተርፋል። ማከፋፈሉ ራሱ ቆጠራ ነው። ጋሪው ላይ እያከፋፈለ የሚሄድ ሰው ግን 4ቱን ወደ አንደኛው፣ 6ቱን ወደ ሁለተኛው ሳጥን ቢከት የሳሙናው ድምር አሁንም 13 ነው፤ ከመደርደሪያው የጎደለ፣ ጋሪው ላይ የተረፈ ነገር የለም። ስህተቱ የሚወጣው ሁለት ሱቆች ሲደውሉ ነው። ስለዚህ በሳጥን የሚሠራ መጋዘን ከጠረጴዛው ጋ የእያንዳንዱን ሳጥን ድምር መቁጠር አለበት። በእኛ ዝርዝር አንደኛው ሳጥን 11፣ ሁለተኛው 13፣ ሦስተኛው 15፣ አራተኛው 6 እሽግ ነው። እነዚህን አራት ቁጥሮች ከዝርዝሩ ግርጌ ማተም ምንም አያስወጣም፤ ከላይ የተባለውን ዓይነት ስህተትም ሱቁ ሳይደውል ያሳያል፤ አንደኛው ሳጥን 9፣ ሁለተኛው 15 ሆነው ይገኛሉና። የማያሳየው በአንድ ሳጥን ውስጥ ሳሙና በባትሪ ፋንታ ገብቶ ቁጥሩ ሲገጥም ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ዕቃው ወረቀቱ ያለው ቦታ ላይ ካለ ነው። አዲስ ጭነት ሲገባ ቦታ ስላጣ ሻማውን ወደ 03-07 ያዛወረ፣ ግን ያላስመዘገበ ሰው ካለ፣ የተሰለፈው ዝርዝር ከተዘበራረቀው የባሰ ነው፤ ሠራተኛው ትክክለኛ መስሎት በልበ ሙሉነት ይሄዳል። ዕቃ የት እንዳለ በልምድ የሚያውቅ የድሮ ስቶር ኪፐር ይህን ጉድለት ለዓመታት ሸፍኖ ሊያኖር ይችላል፤ ጉዱ የሚታየው እሱ ዓመት ፈቃድ የወጣ ቀን ነው። በአማዞን መጋዘኖች አንድ ዓይነት ዕቃ ባዶ ቦታ በተገኘበት መደርደሪያ ሁሉ ተበታትኖ ይቀመጣል፤ መጽሐፍ ከአሻንጉሊት አጠገብ ሊሆን ይችላል። እዚያ የማንም ትዝታ አይረዳም፤ ዕቃው ሲቀመጥ ቦታው በስካነር ካልተመዘገበ እንደ ጠፋ ይቆጠራል። ለትንሽ መጋዘን የሚሆነው ርካሽ መከላከያ በየመደርደሪያው መለያ ላይ ከአድራሻው ጋር የማይገናኝ ባለ ሁለት አሃዝ ቁጥር መለጠፍ ነው፤ ለምሳሌ 02-03 ላይ 58። ዝርዝሩ ላይ ቁጥሩ አይታተምም፤ ሠራተኛው እዚያ ደርሶ ማንበብና ባዶው ቦታ ላይ መጻፍ አለበት። 58 ያልጻፈ ሰው 02-03 ፊት አልቆመም።

የዕቃው አቀማመጥ በሌላም መንገድ ዝርዝሩን ያበላሻል። በዝርዝራችን ብርጭቆው ሁለተኛ ነው የሚነሳው፤ ከዚያ በመጠኑ ሲታይ ከባድ የሆነው ባትሪ በዚያው በአራተኛው ሳጥን ውስጥ ከላዩ ይወርድበታል። ሠራተኛው ይህን ሲያይ ብርጭቆውን ትቶ መጨረሻ ላይ ሊመለስለት ይፈልጋል፤ ያኔ ዝርዝሩ ፈረሰ። ብዙ ሰው ለዚህ «ተሰባሪ በመጨረሻ» የሚል ሕግ ዝርዝሩ ውስጥ ለማስገባት ይሞክራል። የሚሻለው ዝርዝሩን ሳይሆን መጋዘኑን መለወጥ ነው፤ ብርጭቆውን ወደ 04-01 ማዛወር። መንገዱ የሚያበቃው እዚያ ስለሆነ ብርጭቆው ሳይታሰብ ከሁሉም በላይ ይቀመጣል፤ የመንገዱ ርዝመትም ያው 104 ሜትር ነው። ከባዱን መንገዱ የሚጀምርበት፣ ተሰባሪውን የሚያበቃበት ቦታ ያስቀመጠ መጋዘን ለዝርዝሩ ልዩ ሕግ ማውጣት አይኖርበትም።

ዕቃ ሲጎድል ደግሞ ማጣመር የሚፈጥረው የተለየ ጥያቄ አለ። ዝርዝሩ 13 ሳሙና ይላል፤ መደርደሪያው ላይ ያለው 11 ነው። ትዕዛዞቹ በየተራ ቢወጡ ኖሮ የሚጎድልበት ኋላ የመጣው ሱቅ ይሆን ነበር፤ ቢያንስ ምክንያት አለው። በተጣመረ ዝርዝር ግን ሠራተኛው ሳጥኖቹን በቁጥራቸው ስለሚሞላ ሁልጊዜ የሚጎድለው አራተኛው ሳጥን ነው፤ የሳጥኑ ቁጥር ደግሞ ማን ቀድሞ እንዳዘዘ አይናገርም። ሱቁ በተከታታይ ቀናት አራተኛ ላይ ከወደቀ ያለ ጥፋቱ በተደጋጋሚ ይጎድልበታል። ይህን ውሳኔ ለሠራተኛው መተው ተገቢ አይደለም። ዝርዝሩ ከመታተሙ በፊት ዕቃው ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ በመዝገብ መያዝ አለበት፤ መዝገቡ 11 ብቻ ካለ ማን እንደሚቀነስበት ቢሮው ወስኖ ዝርዝሩ 11 ተብሎ ይውጣ። መዝገቡ 13 ብሎ መደርደሪያው 11 ከሆነ ግን ሠራተኛው የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ያገኘውን 11 ጽፎ፣ ሳሙናውን ሳያከፋፍል ለብቻ ይዞ መምጣት። ቢን ካርዱም ያኑ ቀን ይመርመር።

የመጠቀሚያ ጊዜ ባለው ዕቃ፣ በተለይ በመድኃኒት፣ ለእግር የሚቀርበው መደርደሪያ የሚመረጥበት ምክንያት የለም። አንድ ዓይነት መድኃኒት በሁለት ቦታ ካለ ቀድሞ የሚያልቅበት ቀን ያለው ይወጣል፣ በሩቅ ቢሆንም። መጀመሪያ የትኛው ቦታ እንደሚወጣ ይወሰናል፤ መንገዱ የሚሰለፈው ከዚያ በኋላ ነው።

ስንት ትዕዛዝ ይጣመር ለሚለው ጥያቄ መልሱን የሚሰጠው ጋሪው ነው። አራት ሳጥን የሚይዝ ጋሪ አራት ትዕዛዝ ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ሲጨመር የሚቆጠበው እርምጃ እያነሰ፣ በሳጥኖች መካከል የሚፈጠረው መደበላለቅ እየበዛ ይሄዳል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አራቱም መተላለፊያዎች አስቀድሞ እየተጎበኙ ከሆነ አምስተኛ ትዕዛዝ መንገዱን አያስረዝመውም፣ ለአንድ ትዕዛዝ የሚደርሰው እርምጃ ግን በየጭማሪው የሚቀንሰው እያነሰ ነው። በሌላ በኩል ትዕዛዝ እስኪጠራቀም ብሎ መጠበቅ የሚላኩበትን መኪና ያስመልጣል። ስለዚህ ማጣመሩ ከመኪናው መነሻ ሰዓት ወደ ኋላ ይቆጠራል፤ አብረው የሚሄዱ ሱቆች አብረው ይጣመራሉ፣ ከእነሱም ውስጥ በተመሳሳይ መተላለፊያ ዕቃ ያላቸው ቅድሚያ ያገኛሉ። ብቻውን ጋሪ የሚሞላ ትዕዛዝ፣ ለምሳሌ 60 እሽግ ደብተር የጠየቀ ትምህርት ቤት፣ ከማንም ጋር አይጣመርም። ዝርዝሩ ከታተመና ሠራተኛው ከተነሳ በኋላ የደወለ ሱቅም በእስክሪብቶ ከግርጌ አይጨመርም፤ የተጨመረው መስመር ከመንገዱ ተራ ውጭ፣ ከሳጥኖቹም ከግርጌ ድምሩም ውጭ ነው። ቀጣዩን ዝርዝር ይጠብቃል።